ለቤት ታንከር ስንት ፈረስ ጉልበት ዲናሞ ይበቃል? ፍሎቱስ የት ይታሰር?

ጥያቄው ሁሌ የሚመጣው በአንድ መልክ ነው፣ «ለጂ ፕላስ ቱ ቤት አንድ ፈረስ ጉልበት ይበቃል ወይስ አንድ ተኩል ልግዛ?» ይባላል፣ ሻጩም ትልቁን ያነሳና «ይሄ ነው አስተማማኙ» ይላል፣ በቃ እሱ ይገዛል። ግን እንደዚህ ተጠይቆ መልስ የለውም፣ ምክንያቱም ፓምፕ በፎቅ ብዛት አይመረጥም። የሚመረጠው በሁለት ቁጥር ነው፤ በደቂቃ ስንት ሊትር እፈልጋለሁ፣ ያንን ሊትር ደግሞ ስንት ሜትር ነው የማወጣው። ፈረስ ጉልበቱ ከነዚህ ሁለቱ በኋላ ራሱ ነው የሚመጣው፣ አብዛኛው ቤት ላይ ደግሞ ሰው ከገመተው ያንሳል። የተረፈውን ብር ሰፋ ያለ ቧንቧና ዲናሞውን ያለ ውሃ በደረቁ ከመሽከርከር የሚያድን መከላከያ ላይ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ወደ ታች ለምን እንደሆነ እናያለን።

አንድ ቤት ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ያለ ጂ ፕላስ ቱ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ለሊት። ግቢ ውስጥ 5000 ሊትር ሮቶ አለ፣ የመንግስት ውሃ ሲመጣ እሱ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ዲናሞው ጣራ ላይ ወዳለው 2000 ሊትር ሮቶ ያወጣል፣ ከጣራ በራሱ ክብደት ወደ ቤት ይወርዳል። ዲናሞው ከታችኛው ሮቶ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ማለትም ውሃው ራሱ ወደ ዲናሞው ይወርዳል እንጂ ዲናሞው ከታች አይስብም። (ዲናሞውን ቀጥታ ከቆጣሪው መስመር ላይ መግጠም የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት። ጎረቤት ውሃ ማጣቱ አንድ ነገር ነው፣ ባዶ መስመር ስትስቡ ደግሞ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ የጎርፍና የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ መስመሩ ይገባል፣ የምትጠጡት እሱን ነው።)

ሊትሩን እናስቀድም። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ነው እንበል፣ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ብንሰጥ 600 ሊትር ነው። ስለዚህ የጣራው ሮቶ ሙሉ ከሆነ ሶስት ቀን ይሄዳል ማለት ነው፣ በአስር ደቂቃ የሚሞላ ፓምፕ ለምንም አያስፈልግም። እኔ የምለው ባዶውን ሮቶ አንድ ሰአት አካባቢ ውስጥ ከሞላ በቂ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር እንኳን አንድ ሰአት መብራት ይገኛል። 2000 ሊትር ለ60 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 33 ሊትር። ይሄ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፣ ያዙት።

አሁን ሜትሩ። የሚለካው ከታችኛው ሮቶ ዝቅተኛ የውሃ ወለል እስከ ላይኛው ሮቶ መግቢያ ድረስ ነው፣ ታች ሙሉ ሆኖ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ያለውን ወለል ነው የምንወስደው፣ ላይ ደግሞ የሮቶውን መቀመጫ ሳይሆን ውሃ የሚገባበትን የላይኛውን ቀዳዳ። ሶስቱ ወለሎች በሶስት ሜትር ዘጠኝ፣ የሮቶ ማቆሚያው ብረት አንድ ተኩል፣ ሮቶው ራሱ አንድ ተኩል፣ ድምሩ 12 ሜትር። ቧንቧው ግድግዳ ላይ ዞሮ ዞሮ ስለሚወጣ 24 ሜትር ርዝመት ቢኖረውም ከፍታው ላይ ምንም አይጨምርም፣ ከፍታ ከፍታ ነው። የቧንቧው ርዝመት የሚመጣው ቀጥሎ ባለው ነገር ላይ ነው፣ ብዙ ቧንቧ ሰራተኛም የሚዘልለው እሱን ነው።

ውሃ ቧንቧ ውስጥ ሲሄድ ይፋተጋል፣ ፍትጊያው ደግሞ ልክ እንደ ተጨማሪ ከፍታ ሆኖ ዲናሞው ላይ ይጫናል። እዚህ ጋ የሚያታልለው ነገር የፒፒአር ቧንቧ አጠራር ነው። 25 ሚሊ የሚባለው ፒፒአር 25 የሆነው በውጭ በኩል ነው፣ ወፍራሙን ማለትም ፒኤን 20 የሚባለውን ከገዛችሁ የውስጥ ቀዳዳው 16.6 ሚሊ ብቻ ነው። 32 ሚሊ የሚባለው ደግሞ በውስጥ 21.2 ሚሊ ነው። ልዩነቱ በአይን ሲታይ ትንሽ ነው፣ አራት ሚሊ ተኩል ገደማ። በፍትጊያ ግን እንየው። የኛ ቧንቧ 24 ሜትር ነው፣ ጎሚቶዎቹና ሳራቺኔስካው የሚጨምሩትን ፍትጊያ እንደ 6 ሜትር ቧንቧ እንቁጠርና 30 ሜትር እንበለው። በደቂቃ 33 ሊትር ሲያልፍ በ32ቱ ቧንቧ ፍትጊያው ወደ 4 ሜትር ይሆናል። በ25ቱ ቧንቧ ግን ወደ 13 ሜትር ይደርሳል! ከቤቱ ከፍታ ይበልጣል እኮ፤ ዲናሞው ቤቱን ሁለት ጊዜ እንደሚወጣ ማለት ነው። ደግሞ ፍሰቱን እጥፍ ላድርግ ብላችሁ ትልቅ ዲናሞ ብትገጥሙ ፍትጊያው እጥፍ አይሆንም፣ ሶስት ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ «ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው» ተብሎ በቀጭን ቧንቧ ላይ ትልቅ ዲናሞ የሚጨመርበት ቤት አብዛኛውን መብራት የሚከፍለው ቧንቧ ለማሞቅ ነው።

32ቱን መረጥን እንበል። 12 ሲደመር 4፣ 16 ሜትር፣ ትንሽ መተንፈሻ ጨምረን 18 ሜትር እንያዝ። አሁን ሁለቱም ቁጥሮች እጃችን ላይ ናቸው፣ በደቂቃ 33 ሊትር በ18 ሜትር። ጉልበቱ እንደዚህ ይሰላል፤

```
kW = Q × H ÷ 6120
33 × 18 ÷ 6120 = 0.097
```

Q በደቂቃ ስንት ሊትር ነው፣ H ስንት ሜትር። 0.097 ኪሎዋት ማለት መቶ ዋት እንኳን አይሞላም። ግን ይሄ ውሃው ራሱ የሚያስፈልገው ንጹህ ጉልበት ነው፣ ትንንሽ የቤት ፓምፖች ደግሞ ብክነታቸው ብዙ ነው፣ ከሚሰጣቸው ጉልበት ሲሶውን ወደ ውሃ ካስተላለፉ ጥሩ ነው። ስለዚህ 0.097ን ለ0.35 እናካፍለው፣ 0.28 ኪሎዋት ይመጣል። ገበያ ላይ ከዚህ በላይ ያለው ቅርቡ 0.37 ኪሎዋት ነው፣ ግማሽ ፈረስ ጉልበት። አንድ ተኩል ሊገዛለት የነበረው ቤት ግማሽ በቃው።

ሱቅ ስትሄዱ ዲናሞው ላይ የተለጠፈችውን ሳህን አንብቡ። ትንሿ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ፣ ፔሪፈራል የምትባለው ክብ ጭንቅላት ያላት፣ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ 40 ሊትር በደቂቃ፣ ከፍተኛ 40 ሜትር ይላል። ሰው ይሄን ሲያነብ 40 ሊትሩን 40 ሜትር ላይ ታወጣለች ብሎ ያስባል፣ አታወጣም። 40 ሜትር የሚለው ቧንቧው ሊዘጋ ምንም ሳይቀረው የምትገፋው ነው፣ 40 ሊትር የሚለው ደግሞ ከፍታው ወደ 5 ሜትር ሲወርድ ነው። በመሀል ያለው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ነው፣ እና የኛ ቤት የሚያርፈው መሀል አካባቢ ነው። የፓምፗን መስመርና የቧንቧችንን ፍትጊያ አንድ ላይ ብናስኬዳቸው በደቂቃ 29 ሊትር አካባቢ ላይ ይገናኛሉ፣ ማለትም 2000 ሊትሩ በ70 ደቂቃ ይሞላል። ከፈለግነው አንድ ሰአት አስር ደቂቃ ቢያልፍ ማን ይሞታል። ያቺው ፓምፕ በ25ቱ ቧንቧ ብትገጠም ወደ 24 ሊትር ትወርድና 80 ደቂቃ ታልፋለች። ትልቅ ፍሰት የሚፈልግ ደግሞ ሴንትሪፉጋል የሚባለውን አይነት ይውሰድ፣ በዛው ግማሽ ፈረስ ጉልበት ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ብዙ ውሃ ይሰጣል፣ አሸዋና ዝቃጭም ከፔሪፈራሏ ይልቅ ይችላል። ፔሪፈራሏ ውስጥ በተሽከርካሪው ክፍልና በዙሪያው ባለው ሽፋን መሀል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ አሸዋ ገብቶ ሲፈጫት ጉልበቷ ይወርዳል፣ ስለዚህ መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ድፍርስ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ይሄን አስቡበት።

አዲስ አበባ ላይ አንድ የራሳችን ነገር አለ፣ ከፍታው። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ነች፣ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ሳህን ላይ የተጻፈው ጉልበት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ለሚሰራ ነው የሚታሰበው፣ ከዛ በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዘውም፣ በኛ ከፍታ አስር በመቶ ገደማ መቀነስ ጥሩ ልምድ ነው። 0.37 ላይ አስር በመቶ ሲነሳለት 0.33 ነው፣ እኛ የምንፈልገው 0.28፣ አሁንም ይችላል። የአዲስ አበባ ብርድም ይረዳዋል፣ ሳህኑ እኮ 40 ዲግሪ ሙቀት አስቦ ነው የተጻፈው።

ከፍታው በጣም የሚጎዳው ግን ከመሬት በታች ካለ ገንዳ የሚስቡትን ነው። ፓምፕ ውሃ ወደ ላይ ይስባል ስንል የሚገፋው በእውነቱ የውጭው አየር ነው፣ ባህር ዳርቻ ላይ አየሩ ውሃን 10 ሜትር ገደማ መግፋት ይችላል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 8 ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ እዚህ 5 ተኩል ሜትር ገደማ ነው በወረቀት፣ በተግባር ከ4 ሜትር በላይ ባታስቡት ይሻላል። ከዚህ በላይ ጥልቀት ካለ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ሰብመርሲብል ግዙ። ፈረስ ጉልበት መጨመር እዚህ ጋ ቅንጣት አይረዳም፣ አየሩን አታሳድጉትም።

ቮልቴጅም አለ። ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ 220ው ወደ 180 የሚወርድበት ሰፈር ብዙ ነው። ሞተር ሲነሳ ያለው ጉልበት ከቮልቴጁ በበለጠ ይወድቃል፣ 180 ላይ ከሙሉው ሁለት ሶስተኛው ብቻ ይቀረዋል፣ ሲሮጥም ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። «እም» እያለ ሳይነሳ የሚቀረው ያኔ ነው፣ ወይም ደግሞ ካፓሲተሩ ሲደክም፣ እሱ ርካሽ ነው ይቀየራል። ትልቅ ዲናሞ ሲነሳ የሚስበው ብዙ ስለሆነ ራሱ ቮልቴጁን ይበልጥ ይጥለዋል፣ ትንሹን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ዲናሞው ይሄ ከሆነ አሁን ማን ያበራዋል ማን ያጠፋዋል ወደሚለው እንምጣ። ሁለት ፍሎት ያስፈልጋል፣ ከውሃው ጋር እየተንሳፈፈ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ማለት ነው፣ አንድ ላይ አንድ ታች። የላዩ ስራው «ውሃ ጎሏል፣ አምጡ» ማለት ነው፣ ሲወድቅ ይገናኛል ሲነሳ ይለያያል። የታችኛው ተቃራኒው ነው፣ «ውሃ አለኝ፣ ውሰዱ» ነው የሚለው፣ ሲነሳ ይገናኛል ሲወድቅ ይለያያል። ሁለቱ በአንድ መስመር ተከታትለው ይታሰራሉ፣ ዲናሞው የሚሰራው ሁለቱም እሺ ካሉ ብቻ ነው። አንዱ እምቢ ካለ በቃ።

ባለ ገመዱ ፍሎት ብዙ ጊዜ ሶስት ሽቦ አለው፣ ጥቁር፣ ቡኒና ሰማያዊ። አንደኛው ጥንድ ፍሎቱ ሲነሳ የሚገናኘው ነው፣ ሌላኛው ሲወድቅ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በቀለም አትመኑ፣ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ቴስተሩን ድምጽ ላይ አድርጉና ፍሎቱን በእጃችሁ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ስሙት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይሞከር ተገልብጦ የተገጠመ ፍሎት ሙሉ ሮቶ ላይ ሲቀዳ ያድራል። የተረፈውን ሶስተኛ ሽቦ ደግሞ ጫፉን በደንብ ሸፍኑት፣ እሱም መብራት ይመጣበታል።

ፍሎቱ ላይ እንደ 10(4) አይነት ጽሁፍ ታገኛላችሁ። ከቅንፍ ውጪ ያለው ለአምፖልና ለማሞቂያ አይነት ነው፣ ለሞተር የሚቆጠረው በቅንፍ ውስጥ ያለው ነው፣ ማለትም 4 አምፔር። የኛ ግማሽ ፈረስ ጉልበት 3 አምፔር ገደማ ስለሚስብ በቀጥታ ቢታሰርም ይችለዋል፣ አንድ ተኩሉ ግን ወደ 8 አምፔር ስለሚሄድ ቀስ በቀስ የፍሎቱን ምላስ ያጣብቀዋል፣ ከተጣበቀ ፍሎቱ ቢወድቅም ቢነሳም ዲናሞው አይጠፋም። ለማንኛውም እኔ በኮንታክተር ነው የምለው፣ ለትንሿም ቢሆን። ፍሎቶቹ የኮንታክተሩን ጥቅል ብቻ ያዛሉ፣ ዲናሞውን ኮንታክተሩ ይሸከማል፣ ከስሩም አምፔር ሲበዛ የሚቆርጠው ኦቨርሎድ ይገባና ሳህኑ ላይ ባለው አምፔር ይስተካከላል። ጥቅሙ ሌላም ነው፣ ትንሽ ትራንስፎርመር ጨምራችሁ ጥቅሉን የ24 ቮልት ካደረጋችሁት ውሃ ውስጥ የሚገባው ገመድ ላይ 220 አይኖርም። ካልሆነ ግን ቢያንስ የ30 ሚሊአምፔር ሊኬጅ ብሬከር ያለ ምንም ድርድር ይግባ፣ ጣራ ላይ ፀሀይ የሚመታው ገመድ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ያ ውሃ ደግሞ ሻወር ላይ ነው የሚወርደው።

አሁን ርቀቱ። ባለ ገመድ ፍሎት የሚበራበትና የሚጠፋበት ወለል መሀል ያለው ልዩነት የሚወሰነው ከታሰረበት ነጥብ እስከ ፍሎቱ ባለው ልቅ ገመድ ነው። ገመዱ በጣም ካጠረ ልዩነቱ አምስት ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ያ በ2000ው ሮቶ ላይ 65 ሊትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ አምስት ስድስት ጊዜ ሽንት ቤት በተለቀቀ ቁጥር ዲናሞው ይነሳል ማለት ነው። ዲናሞን የሚያደክመው መሮጡ ሳይሆን መነሳቱ ነው፣ ሲነሳ የሚስበው ከሩጫው አራት አምስት እጥፍ ነው። ልቅ ገመዱን 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ካደረጋችሁት ልዩነቱ 40 ሳንቲሜትር ይጠጋል፣ 500 ሊትር በላይ ነው፣ ዲናሞው በቀን አንዴ ተነስቶ ሀያ ደቂቃ ይሰራና ያርፋል። የማጠፊያው ወለል ግን ከትርፍ ውሃ መውጫው ቧንቧ ዝቅ ይበል፣ አለበለዚያ ፍሎቱ ሳይነሳ ውሃው በመውጫው ይፈስሳል።

የታችኛውን ስታስሩ ደግሞ ፍሎቱ ሲወድቅ የሚቀረው ውሃ ከመውጫው ቀዳዳ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር በላይ ይሁን። «ውሃ ይቀራል እኮ» ትላላችሁ፣ አዎ 5000ው ሮቶ ላይ ወደ 400 ሊትር ይቀራል፣ ግን ወለሉ ከዛ ሲወርድ ውሃው እየተሽከረከረ አየር ይዞ ይገባል፣ ዲናሞውም ውሃ እያለ መንተፋተፍ ይጀምራል። ለጭንቅ ቀን ደግሞ 400ውን በባልዲ ትቀዱታላችሁ፣ እንዲያውም መጠባበቂያ ነው። እዚህ ጋም ልቅ ገመዱ ረዘም ይበል፣ 40 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ ሲጠራቀም ነው መልሶ እሺ ማለት ያለበት። አጭር ከሆነ ለሊት የመንግስት ውሃ በቀጭኑ ሲመጣ ዲናሞው ይነሳል፣ ሁለት ደቂቃ ይጠጣዋል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል፣ እስኪነጋ እንደዚህ ነው።

እስካሁን ያለው ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው «በቃ ዲናሞዬ ከደረቅ ድኗል» ብሎ ይተኛል፣ አልዳነም። የታችኛው ፍሎት የሚያውቀው ሮቶው ውስጥ ውሃ መኖሩን ነው፣ ዲናሞው ውስጥ ውሃ መኖሩን አያውቅም። ሮቶው ሙሉ ሆኖ አንድ ሰው ሳራቺኔስካውን ዘግቶት ሊሄድ ይችላል፣ መሳቢያው መገጣጠሚያ ላይ አየር ሊያስገባ ይችላል፣ ከመሬት በታች የሚስቡት ላይ ውሃው ወደ ገንዳው እንዳይመለስ የሚይዘው ፉት ቫልቭ አፍስሶ ቧንቧው ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ፍሎቱም ራሱ ግድግዳው ላይ ወይ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። በነዚህ ሁሉ ዲናሞው በደረቁ ይሽከረከራል።

በደረቅ ሲሽከረከር የሚጎዳው ሰው እንደሚያስበው የሞተሩ ጥቅል አይደለም። ዘንጉ ላይ ውሃ እንዳይወጣ የሚዘጋው ሜካኒካል ሲል የሚባለው ነገር አለ፣ ሁለት የተለሰኑ ፊቶች ናቸው እርስ በርስ የሚሽከረከሩ፣ በመሀላቸው የምትገባው ስስ ውሃ ናት የምታለሰልሳቸውና የምታቀዘቅዛቸው። ውሃ ሲጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ውስጥ የቀረችው ትንሽ ውሃ ትፈላለች፣ ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ማለትም ኢምፔለሩ ፕላስቲክ ከሆነ ይጣመማል፣ ጭንቅላቱ ላይ የተጠመጠመው ፒፒአርም ለስልሶ ይጠመዘዛል። ከዛ በኋላ ሲሉ እያፈሰሰ ውሃው በዘንጉ ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል ይጮሃል፣ ከወራት በኋላ ውሃው ጥቅሉ ጋ ደርሶ ያቃጥለዋል፣ ያኔ «ዲናሞው ተቃጠለ፣ መጠቅለል አለበት» ይባላል፣ ጥፋቱ ግን የዛን ቀን ደረቅ የሰራ ጊዜ ነው የተጀመረው።

«ዲናሞው እኮ ሲግል የሚቆርጥ ቴርማል አለው፣ ኦቨርሎድም ገጥሜያለሁ» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም የሚያዩት ሞተሩ ሲጨናነቅ ነው። ውሃ የሌለው ዲናሞ ግን ምንም አይገፋም፣ ሸክሙ ቀሎለታል፣ የሚስበው አምፔር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ኦቨርሎዱ ደስ ብሎት ይቀመጣል፣ ቴርማሉም ጥቅሉ ላይ ነው ያለው፣ ጭንቅላቱ ሲፈላ አይሰማም።

የሚሰማው አንድ ወይም ሁለት መሳሪያ ነው። ቀላሉ ዲናሞው መውጫ ላይ የሚጠመደው አውቶማቲክ ፍሎው ኮንትሮል ነው፣ ውስጡ ፍሰት የሚያነሳው ቫልቭ አለ፣ ፍሰቱ ሲቆም ከአስር ሰከንድ አካባቢ በኋላ ያጠፋና ቀይ መብራት ያበራል። የመነሻ ግፊቱን ግን ሳታዩ እንዳትገዙ። ብዙዎቹ 1.5 ባር ላይ ነው የሚነሱት፣ የኛ ቤት 12 ሜትር የውሃ አምድ 1.2 ባር ነው፣ ይሰራል። ጂ ፕላስ ፎር ላይ ግን አምዱ 18 ሜትር ሲሆን 1.8 ባር ቆሞ ይጠብቀዋል፣ መሳሪያው «ግፊት አለ፣ ምን ያስነሳኛል» ብሎ ዝም ሊል ይችላል፣ ለሱ ባለ 2.2 ባሩ አለ። ሁለተኛው ኮንትሮል ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ሪሌይ ነው፣ የዲናሞውን አምፔር እያየ ከተወሰነ በታች ሲወርድ የሚቆርጥ። በሶስት ፌዝና በትልልቁ ላይ ጥሩ ነው። በትንሿ ባለ አንድ ፌዝ ላይ ግን ያለ ሸክምም ሞተሩ ብዙ አምፔር ስለሚስብ በውሃና በደረቅ መሀል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፣ ቮልቴጅ በወረደ በወጣ ቁጥር ይሳሳታል። ለሷ ከሪሌይ ከሆነ ፓወር ፋክተር የሚለካውን ፈልጉ፣ እሱ በደረቅ ጊዜ በግልጽ ይወድቃል።

ሁለቱም ካልተገኘ ደግሞ ታይመር። ባዶውን ሮቶ በ70 ደቂቃ የሚሞላ ዲናሞ 90 ደቂቃ ሲሰራ ከተገኘ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ታይመሩ ይቁረጠው። ከደረቅ ለብቻው አያድንም፣ 90 ደቂቃ ለሲሉ ብዙ ነው። ግን የላዩ ፍሎት ውሃ ገብቶበት ሲሰጥም ዲናሞው ሳያቋርጥ እየቀዳ ሮቶው በትርፍ መውጫው ሲፈስስ የሚደርስለት እሱ ብቻ ነው። ሌላው፣ በደረቅ የተቆረጠ ዲናሞ በየደቂቃው ራሱን እንዲሞክር አታድርጉት፣ በየሙከራው ሲሉ ሌላ ደረቅ ሩጫ ይሮጣል። ወይ ሰው መጥቶ ይጫነው፣ ወይ ሰላሳ ደቂቃ ይጠብቅ።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሰራተኛው ሳይሄድ እዛው አስሞክሩት። ጣራ ላይ የሚገባውን ውሃ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አስቀዱና በስልክ ሰአት ያዙ፣ በደቂቃ 29 ሊትር ከሆነ ከ40 ሰከንድ ትንሽ አለፍ ብሎ ይሞላል። አንድ ደቂቃ ከፈጀ ወይ ቧንቧው ቀጭን ነው ወይ መሳቢያው አየር ያስገባል፣ አየር ከሆነ ውሃው እየነጣና እየተንተፋተፈ ይመጣል። ከዛ ዲናሞው እየሰራ የላዩን ፍሎት በእጅ አንሱት፣ መጥፋት አለበት። የታችኛውን ተጫኑት፣ መጥፋት አለበት። በመጨረሻ ሁለቱም ፍሎት እሺ እያሉ የመሳቢያውን ሳራቺኔስካ ዝጉና ቁጠሩ፣ ሀያ ሰከንድ ሳይሞላ ደረቅ መከላከያው ካላጠፋው ብሬከሩን ራሳችሁ አውርዱ፣ ሰራተኛውንም ሂሳብ ሳትዘጉለት ወደ ሳጥኑ መልሱት። ይሄንን የመጨረሻውን ሙከራ በየስድስት ወሩ ድገሙት፣ የፍሎው ኮንትሮሉ ቫልቭ ላይ አሸዋና ዝገት ተቀምጦ ተከፍቶ ይቀራል፣ ተከፍቶ ሲቀር ደግሞ ውሃ ሳይኖር «ፍሰት አለ» እያለ ነው የሚያስቀጥለው፣ ፈትቶ ማጠብ ይበቃዋል።